16 እና 16 ደብልዩ፦ ፕላስ ሳይዝ የራሱን ቁጥር ለምን ይቆጥራል?

በአሜሪካ የሴቶች ልብስ መደብር ውስጥ 16 ቁጥር ሁለት ቦታ ተሰቅሎ ይገኛል። አንደኛው «ሚሲስ» በሚባለው መደበኛ ክፍል፣ ከ0 ወይም ከ2 ተነሥቶ በተጋማሽ ቁጥር እስከ 18 ወይም 20 በሚዘልቀው መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ አንዳንዴም በሌላ ፎቅ፣ «ዊሜንስ» ወይም «ፕላስ ሳይዝ» በሚል ምልክት ሥር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ብቻውን አይቆምም፣ ደብልዩ የምትባለው ፊደል ትከተለዋለች። ሁለቱን ቀሚሶች ይዛ ወደ መለኪያ ክፍል የገባች ሴት ልዩነቱ ወዲያው ይገባታል። ያለ ፊደል የመጣው 16 ወገቧ ላይ ሲደርስ ዚፑ አልዘጋ ይላል፣ እጅጌውም የላይኛውን ክንዷን ያንቃል። 16 ደብልዩው ግን ወገቧን ሳያስጨንቅ ይዘጋል፣ ክንዷም ይላወሳል። የሚገርመው ትከሻው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲሰፋ እሱ እምብዛም አልሰፋም።

ፕላስ ሳይዝ የመደበኛው ቁጥር ቅጥያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም ነበር። 18 ካለቀ በኋላ 20፣ ከዚያ 22 እየተባለ ይቀጥል፣ ልብሱም በየደረጃው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እየሰፋ ይሄድ ነበር። አብዛኛው ሸማችም የሚያስበው እንደዚያ ነው። በሥራ ላይ ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው፤ ፕላስ ሳይዝ የተለየ ገላን መነሻ አድርጎ እንደ አዲስ የተጀመረ ሁለተኛ መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች ከ14 እስከ 20 ባለው መካከል ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የሚለብሰው ገላ ግን አንድ አይደለም።

ይህ ለምን እንደሆነ ለማየት ልብስ በፋብሪካ እንዴት እንደሚባዛ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀሚስ ለገበያ ሲታሰብ በሁሉም ቁጥር አይሞከርም። የሚቆረጠውና የሚሰፋው በአንድ መነሻ ቁጥር ነው፤ በአሜሪካ መደበኛ መስመር ይህ ብዙውን ጊዜ 8 ነው። ልኳ ከዚያ ቁጥር ጋር የሚገጥም አንዲት ሴት ትመጣና ቀሚሱን ትለብሳለች። ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። የቅድ ባለሙያዋ መርፌ ቁልፍ በአፏ ይዛ ዙሪያዋን እየዞረች እዚህ ትሰበስባለች፣ እዚያ ትለቃለች። ልብሱ በዚያች ሴት ገላ ላይ ካማረ የወረቀት ቅዱ ይጸድቃል። ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ከዚያ ቅድ በስሌት የሚወጡ ናቸው፤ ደረት በየቁጥሩ ይህን ያህል ይጨመር፣ ወገብ ይህን ያህል፣ ትከሻ ይህን ያህል የሚል ደንብ ይሰጥና ቅዱ ወደ ታችም ወደ ላይም ይባዛል። ዛሬ ሥራውን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ደንቡን የሚያወጣው ግን ሰው ነው።

ስሌቱ ከመነሻው አንድና ሁለት ቁጥር ወዲያና ወዲህ ሲል እምነት ይጣልበታል። እየራቀ ሲሄድ ግን ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። ለምሳሌ ያህል የትከሻ ስፋት በየቁጥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲጨምር ደንብ ወጣ እንበል። ከ8 ወደ 10 ሲኬድ ማንም አይጎዳም። ከ8 እስከ 24 ግን ስምንት ደረጃ አለ፤ ትከሻው ስምንት ሴንቲ ሜትር ሰፋ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ሲወፍር አጥንቱ አይሰፋም። ሥጋ የሚጨመረው በሆድ፣ በወገብ፣ በጡት፣ በላይኛው ክንድ፣ በጭንና በመቀመጫ ላይ ነው፤ ትከሻ፣ የአንገት ሥርና የእጅ ርዝመት ግን ከቦታቸው እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ከ8 እየተሰላ 24 የደረሰ ቀሚስ ስለዚህ ለአንዲት ወፍራም ሴት ሳይሆን በማጉያ መነጽር ለታየች ቀጭን ሴት የተሰፋ ይሆናል። አንገቱ ይለቃል፣ የትከሻው ስፌት ወደ ክንዷ ይወርዳል፣ ያም ሆኖ ሆዷ ላይ ይጣበቃል።

ሁለተኛው መስመር መፍትሔ ያደረገው አዲስ መነሻ መያዝን ነው። የፕላስ ሳይዝ ቅድ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው 18 ደብልዩ ላይ ወይም በዚያ አካባቢ ነው። የምትለካውም ሴት ሌላ ናት፤ በእርግጥ ወፍራም ገላ ያላት፣ ስትቀመጥ ሆዷ ወደ ፊት የሚመጣ፣ ክንዷ የራሱ ስፋት ያለው። በእሷ ላይ ሲሞከር ቀሚሱ ብዙ ነገሩ ይለወጣል። ጡት እንዲቀመጥበት ተብሎ የሚሰፋው እጥፋት ጠለቅ ይላል፣ አንዳንዴም አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። የእጅጌው መግቢያ ቅርጹ ይቀየራል፣ እጅጌው ራሱ ከላይ ይሰፋል። የፊተኛው ወርድ ርዝመት ይጨመርለታል፤ ሆድና ጡት ጨርቁን ወደ ላይ ስለሚወስዱት፣ ካልተጨመረለት ቀሚሱ ከፊት አጥሮ ከኋላ ረዝሞ ይታያል። ሱሪ ከሆነ የኋላው ከፍታ ከፊቱ ይበልጥ ይረዝማል፤ አለበለዚያ በተቀመጡ ቁጥር ወገቡ ከኋላ ይወርዳል።

ከዚህ መነሻ ወደ ላይና ወደ ታች ሲባዛ 16 ደብልዩ እና 14 ደብልዩ ይገኛሉ። መስመሩ 14 ላይ ወርዶ ከመደበኛው ጋር መደራረቡ ታዲያ ስሕተት አይደለም። 14 ወይም 16 ቁጥር አካባቢ ያለች ሴት ቅርጿ ከሁለቱ መነሻዎች ወደ አንዱ ሊያደላ ይችላል። አንዷ ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ወገቧ የገባ ትሆናለች፤ ሌላዋ አጠር ያለች፣ ሆዷና ክንዷ የሞላ፣ ትከሻዋ ግን ጠባብ። ሜትር ደረታቸው ላይ ቢዞር ሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጡ ይሆናል፤ አንድ ቀሚስ ግን ሁለቱንም አያለብስም።

በቁጥር ተይዞ ሲታይ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። የአሜሪካ መደብሮች የልኬት ሰንጠረዥ እርስ በርሱ ስለማይስማማ፣ የሚከተለው ለምሳሌ ብቻ የቀረበና በብዙዎቹ ዘንድ የሚታየውን ዝንባሌ የሚያሳይ ነው። በመደበኛው መስመር 18 ቁጥር ደረቱ 107፣ ወገቡ 87፣ ዳሌው 113 ሴንቲ ሜትር ላለው ገላ ይሠራል። 20 ቁጥሩ 112፣ 94 እና 118 ይሆናል። በሁለተኛው መስመር 16 ደብልዩ ደረቱ 107፣ ወገቡ 91፣ ዳሌው 113 ነው፤ 18 ደብልዩ ደግሞ 112፣ 97 እና 118። ከእነዚህ አኃዞች የሚነበበው ነገር ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ 16 ደብልዩ በደረትና በዳሌ የሚስተካከለው ከ16 ጋር ሳይሆን ከ18 ጋር ነው። ቀጥሎም፣ ደረትና ዳሌ እኩል ሆነው ሳለ ወገቡ አራት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል።

ደረቷ 112፣ ወገቧ 98፣ ዳሌዋ 117 የሆነች ሴት በዚህ ሰንጠረዥ ስትዳኝ ምን እንደሚገጥማት እንመልከት። መደበኛው ክፍል ገብታ ደረቷን ተከትላ ብትመርጥ 20 ትወስዳለች። ደረቱ ይሆናታል፣ ወገቡ ግን በአራት ሴንቲ ሜትር ያጥራታል፤ በሰፊ ሸሚዝ ላይ አይታወቅም፣ ወገቡ በተሰፋ ቀሚስ ላይ ግን ቁልፍ አያስቆልፍም። ለወገቧ ስትል አንድ ቁጥር ብትጨምር፣ ያውም መደብሩ ካለው፣ ደረቱና ትከሻው ይሰፋባታል። ወደ ሁለተኛው ክፍል ብትሻገር 18 ደብልዩ ደረቷንና ዳሌዋን ልክ ይይዛል፣ ወገቧ ላይም የሚቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ማንኛውም ልብስ ለመላወሻ ከሚተውለት ትርፍ ውስጥ ያገኘዋል። ከ20 ወደ 18 ወረደች ማለት ነው፤ ክብደት ግን አልቀነሰችም፣ የለበሰችውም ልብስ ወገቡ ከቀድሞው የሰፋ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን እንደ ማባበያ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ግን ማባበያ የለበትም፣ መስመር ተቀየረ እንጂ።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ። ደረቷ 107፣ ወገቧ 85፣ ዳሌዋ 112 የሆነች፣ ዋና የምትዋኝና ትከሻዋ የሰፋ ሴት 16 ደብልዩ ብትለብስ ወገቡ በስድስት ሴንቲ ሜትር ይረግብባታል፣ የእጅጌው አናት ይንጠለጠላል፣ ትከሻው ደግሞ ወደ ኋላ ይስባታል። ለእሷ የሚሆነው ያለ ፊደል የመጣው 18 ነው። ልኳ ፕላስ ሳይዝ ከሚጀምርበት በላይ ሆኖም ፕላስ ሳይዝ አይስማማትም።

እንግዲህ «ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ቀንሶ ደብልዩ መጨመር ነው» የሚል ደንብ ማውጣት የሚያጓጓ ይመስላል። አይሆንም። ዲቦራ ክሪስቴልና ሱዛን ደን የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካዊት ሴትን አማካይ ልክ ፈትሸው፣ በመደበኛው መስመር በ16 እና በ18 መካከል እንደሆነና ይህም በሁለተኛው መስመር ከ20 ደብልዩ ጋር እንደሚመሳሰል ጽፈዋል። እዚህ ቁጥሩ በመቀነስ ፈንታ ጨምሯል። የትኛው ሰንጠረዥ ተያዘ፣ ከደረት፣ ከወገብና ከዳሌ የትኛው ተመዘነ የሚለው ብቻ አቅጣጫውን ሳይቀር ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህም በሁለቱ መስመሮች መካከል የታመነ መመንዘሪያ የለም፤ አለኝ የሚል ሁሉ የሚናገረው ስለ አንድ ድርጅት ሰንጠረዥ ነው።

ይህ መደበላለቅ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። ሊና ሂምልስታይን ብራያንት ከሊትዌኒያ ወደ አሜሪካ የተሰደደች፣ ባሏ የሞተባትና በስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 በኒው ዮርክ ሱቅ ከፈተች፤ በባንክ ወረቀት ላይ ስሟ በስሕተት «ሌን» ተብሎ ስለተጻፈ ሱቁ ሌን ብራያንት ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የታወቀችው ለነፍሰ ጡሮች በምትሰፋው ልብስ ነው። ሁለተኛ ባሏ አልበርት ማልሲን መሐንዲስ ነበር፤ በገበያ ላይ ያለው ልብስ የማይገጥማቸው ሴቶች እንደሚበዙ ሲያስተውሉ ነገሩን እንደ መሐንዲስ ያዘው። ወደ 4,500 የሚጠጉ ደንበኞች ተለኩ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ደግሞ ወደ 200,000 የሚሆኑ ሴቶች መረጃ ተገኘ። ከዚያ የወጣው ግኝት ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነው፤ ወፍራም ሴት አንድ ዓይነት ሳትሆን ሦስት ዓይነት ናት፣ መላ ገላዋ የሞላ፣ ደረቷ ብቻ የጎላ፣ ዳሌዋ ብቻ የሰፋ የሚል። የቀጭኑን ቅድ ማስፋት እንደማይበቃ በአኃዝ ያሳየ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ይህ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1923 የእነዚህ ልብሶች ሽያጭ የነፍሰ ጡሮቹን ልብስ በልጦ ነበር።

በዚያ ዘመን የወፍራም ሴቶች ልብስ የሚቆጠረው በደረት ልክ ነበር፤ 38፣ 40፣ 42 እየተባለ በኢንች። መደበኛው መስመር ግን ቁጥሩን የወሰደው ከልጃገረዶች ልብስ ነው፤ 14 እና 16 መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ቁጥሮች ነበሩ። ሁለቱ መስመሮች ከጥንቱም በአንድ መለኪያ ተቆጥረው አያውቁም ማለት ነው። በመካከላቸው ደግሞ ሦስተኛ ነበረ፤ 14 ተኩል፣ 16 ተኩል የሚባለው «ግማሽ ቁጥር»፣ አጠር ላለችና ወገቧ ለሞላ ሴት። ዛሬ ይህ ቁጥር ከገበያ ጠፍቷል። በኋላ ደብልዩ የምትባለው ፊደል የደረቱንም ቁጥር፣ የግማሹንም ቁጥር ቦታ ወሰደች፤ የመደበኛውን መስመር አኃዞች ተዋሰችና ትርጉማቸውን ለወጠች። ሸማቹን የሚያደናግረው ይህ መዋዋስ ነው። የቀድሞው 40 እና 42 ቢያንስ ከ16 ጋር ማንም አያምታታቸውም ነበር።

መንግሥትም እጁን አስገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ፤ በእያንዳንዷ ላይ 59 ልኬት ተወሰደ። የነጮች ያልሆኑት ልኬቶች ግን ከመጨረሻው ስሌት እንዲወጡ ተደረገ፤ የተለኩትም በፈቃደኝነት የመጡት ነበሩ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲ.ኤስ. 215-58 የተባለ የቁጥር ደረጃ ወጣ። ደረጃው ሴትን የሚያየው ወገቧ የገባና ዳሌዋ የወጣ አድርጎ ነው፤ ለብዙዎች ይህ እውነት አልነበረም። አምራቾች ቀስ በቀስ ተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ተሰረዘ። ዛሬ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የደረጃዎች ድርጅት ለሁለቱ መስመሮች ለየብቻ ሰንጠረዥ አለው፤ የፕላስ ሳይዙ ዲ 6960 ሲሆን ከ14 ደብልዩ እስከ 40 ደብልዩ ይደርሳል። መከተሉ ግን ግዴታ አይደለም።

ደረጃው ከተነሣ በኋላ ቁጥሮቹ ተንሸራተቱ። በ1958ቱ ደረጃ 8 ቁጥር ወገቡ 23 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ 8 የሚል ምልክት ያለበት ቀሚስ ወገቡ ከዚያ በአሥር ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋ ነው። ደንበኛዋ ትንሽ ቁጥር ስታይ ደስ ይላታል በሚል እያንዳንዱ ድርጅት በየፊናው ሲያሰፋ ቆይቷል። መደበኛውን መስመር የሚያወጣው ክፍልና ፕላስ ሳይዙን የሚያወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ፣ መንሸራተቱም በአንድ ፍጥነት አልሄደም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከድርጅት ድርጅት የሚለያየው በከፊል ለዚህ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ንጽጽሩም ጠቃሚ ነው። በጀርመን የሴቶች ልብስ ቁጥር ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይቀጥላል፣ ፊደልም አይጨመርበትም። ቁጥሩ የሚገኘው የደረትን ልክ ለሁለት ከፍሎ ስድስት በመቀነስ ነው፤ ደረቷ 88 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 38 ቁጥር ትለብሳለች፣ 104 የሆነች 46። ከዚህ በኋላ ግን ስሌቱ ዝም ብሎ ይሰበራል። እስከ 46 ድረስ አንድ ቁጥር ማለፍ ማለት አራት ሴንቲ ሜትር መጨመር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ስድስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 48 ቁጥር 110 ነው፣ 50 ደግሞ 116። በስሌቱ ቢሄድ 110 ደረት 49 መሆን ነበረበት። የአውሮፓ ደረጃ የሆነው ኢ.ኤን. 13402ም ደረትን ከ104 በኋላ በስድስት በስድስት ያራምዳል። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ሰፊ ልብስ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር ብዙ አይታወቅም፤ በተጨማሪም ደረጃው በጠበበ መጠን ሱቁ በርካታ ቁጥር ማከማቸት ይኖርበታል። የቁጥሩ ሰልፍ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ውስጡ እርምጃው ሰፍቷል፤ ስለዚህ በ44 እና በ46 መካከል የቆመች ሴት ከምታገኘው ይልቅ በ50 እና በ52 መካከል ያለችው ልኳን የማግኘት ዕድሏ ጠበብ ይላል።

የፊደል ቁጥሮችም የዚሁ ታሪክ ቅጂ ናቸው። በመደበኛው መስመር ኤክስ ኤል እና ሁለት ኤክስ ያለበት ኤል አለ፤ በፕላስ ሳይዙ ደግሞ 1 ኤክስ፣ 2 ኤክስ፣ 3 ኤክስ። ሲነበብ 2 ኤክስ እና ሁለት ኤክስ ያለበት ኤል አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ብዙዎች ዘንድ ሁለት ኤክስ ያለበት ኤል ከ20 ቁጥር የሚጠጋ ሲሆን በደረት ልክ የሚቀርበው ለ1 ኤክስ ነው፤ 2 ኤክስ ከዚያ አንድ ደረጃ ይሰፋል፣ ክንዱና ወገቡም በሌላ መነሻ የተቆረጠ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡ መደብሮች ሁለቱን እያምታቱ በአንድ ምርጫ ሥር ሲያስቀምጧቸው ደግሞ ገዢዋ ከመገመት በቀር የምታደርገው የለም።

ከዚህ ሁሉ ለመሸሽ አንዳንድ ድርጅቶች ፈጽሞ አዲስ ቁጥር አውጥተዋል። ቶሪድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 1 ሲል 14 እና 16ን፣ 2 ሲል 18 እና 20ን፣ 3 ሲል 22 እና 24ን ማለቱ ነው። እስከዚህ ድረስ አንዱ ቁጥር ሁለት ይይዛል። ከ4 ጀምሮ ግን 26፣ 28፣ 30 እያለ አንድ በአንድ ይሄዳል። ማሪና ሪናልዲ የተባለው የጣሊያኑ ማክስ ማራ ንዑስ ስም ደግሞ 21፣ 23 እያለ በኢተጋማሽ ቁጥር ይቆጥራል፤ ከመደበኛው የጣሊያን ቁጥር ጋር እንዳይነጻጸር ሆን ተብሎ የተለየ ይመስላል። ዩኒቨርሳል ስታንዳርድ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት ይበልጥ ደፍሯል፤ «ሚዲየም» የሚለውን ስም ለ18 እና ለ20 ሰጠ። የአሜሪካዊት ሴት አማካይ ልክ እዚያ አካባቢ ከሆነ መካከለኛ መባል ያለበት እሱ ነው ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። ሐሳቡ አመክንዮ አለው፤ የድርጅቱ ደንበኛም ትወደው ይሆናል። ስጦታ ሊገዛ የገባ ሰው ግን ሚዲየም ብሎ የሚወስደው ልብስ ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ቁጥሩ ይህን ያህል የማይታመን ከሆነ ልብሱ ራሱ ይመረመራል። ያለ አዲስ መነሻ ከቀጭን ቅድ በስሌት ብቻ የወጣ ፕላስ ሳይዝ ምልክቶች አሉት። የትከሻው ስፌት ከትከሻ ጫፍ አልፎ ክንድ ላይ ይውላል። አንገቱ ወደ ፊት ሲጎነበሱ ተንዘርፍፎ ይከፈታል። ጡት እንዲቀመጥበት የተሰፋው እጥፋት ከጡቱ በላይ ወይም በጎን ይቀራል። የእጅጌው መግቢያ ወደ ወገብ ወርዶ ስለሚሰፋ፣ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ልብሱ ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያየው የልብሱ መጥበብ አድርጎ ነው፣ ስሕተቱ ግን መግቢያው መውረዱ ነው፣ ወደ ሰፊ ቁጥር መሄድም ያባብሰዋል። የጎን ስፌቱ ቀጥ ብሎ ከመውረድ ይልቅ ወደ ፊት ከተሳበ ደግሞ ፊተኛው ወርድ ለሆድ የሚሆን ስፋት አልተሰጠውም። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ከታዩ ምልክቱ ላይ ደብልዩ ተጻፈም አልተጻፈ ልብሱ የመጀመሪያው መስመር ልጅ ነው።

ሁሉም ድርጅት ሁለተኛ መነሻ የማያዘጋጀው ወጪ ስላለበት ነው። ሌላ ቅድ፣ ሌላ የምትለካ ሴት፣ ሌላ ዙር ሙከራ ያስፈልጋል። ጨርቅም ይበላል፤ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ ላይ የመደበኛ ቀሚስ የፊትና የኋላ ቁራጭ ጎን ለጎን ተኝተው ይቆረጣሉ፣ በትልልቆቹ ቁጥሮች ግን ጎን ለጎን አይበቃቸውም፣ አንዱ ከሌላው በታች ይተኛና የሚፈለገው ርዝመት በብዙ ይጨምራል። ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ የሚጨምር ድርጅት ስለዚህ ያለውን ቅድ ዘርግቶ ምልክቱን መለወጥ ይቀለዋል።

ቁጥሮቹ ኢትዮጵያ የሚደርሱት በሁለት መንገድ ነው። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ ቢከለከልም፣ ሰልባጅ በየገበያው አለ፤ የአሜሪካው 18 ደብልዩ፣ የጀርመኑ 46 እና 2 ኤክስ በአንድ ክምር ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ሻጩም ገዢውም ቁጥር አያነብም፣ ልብሱን ገላ ላይ አስጠግቶ ያያል፤ ይህ ሞኝነት የሚመስለው ቁጥሩን ለሚያምን ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዘመድ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ልብስ ልትልክ የፈለገች እኅት በስልክ የምትጠይቀው «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለችው የምትመልሰው ቁጥር ምናልባት ከአንድ ቱርክ ሠራሽ ቀሚስ ላይ ያነበበችውን ነው፤ ያ ቁጥር የአሜሪካ መደብር ውስጥ ትርጉም የለውም፣ ባለ ደብልዩ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል።

የሚሻለው ሜትር ነው። የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋ ማንኛውም ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ደረት በሰፊው ቦታ ላይ፣ ወገብ በጠባቡ ቦታ ላይ፣ ዳሌ መቀመጫው በሚሰፋበት ላይ ይለካል፤ ለዚህ ጉዳይ የላይኛው ክንድ ዙሪያና ከአንዱ ትከሻ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ስፋት ይጨመርበታል። አምስቱ ልኬቶች ለመደብሩ ሰንጠረዥ ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚታየው በደረትና በወገብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከላይ በተሰጡት ምሳሌዎች ልዩነቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ዋናተኛ መደበኛው መስመር ይስማማታል፤ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ሁለተኛው። በመካከሉ ለምትገኝ ሴት ክንድና ትከሻ ይወስናሉ፤ ክንዷ ሙሉ፣ ትከሻዋ ጠባብ ከሆነ ደብልዩ ያለበትን፣ ካልሆነ ደብልዩ የሌለበትን ትሞክራለች። ለሱሪና ለጉርድ ቀሚስ ትከሻው ቦታ የለውም፤ እዚያ ልዩነቱ የሚታየው በወገብና በዳሌ መካከል ነው፣ ሆዷ የሞላ ሴት ከላይ መደበኛውን ለብሳ ከታች ደብልዩ ያለበትን ልትለብስ ትችላለች፣ በሁለት የተለያየ ቁጥር።